ጥቁረት፣ ጨረርና ነጸብራቅ፦ ለላስታ ፀሐይ የሚሆን መነጽር

በታኅሣሥ መጨረሻ፣ የገና ምዕመን ወደ ላሊበላ በሚጎርፍበት ሰሞን፣ የፀሐይ መነጽር ካርቶን ላይ ደርድረው የሚሸጡ ወጣቶች ዐይነታቸው ብዙ ነው፤ ቃላቸው ግን ተመሳሳይ ነው። «ፖላራይዝድ ነው፣ ዩቪ ነው፣ ለሾፌር ይሆናል» ይላሉ። በመነጽሩ መስታወት ላይ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት አለች፤ አንዳንዱም በልዩ ሌንስ ካልታየ የማይገለጥ ሥዕል ካለበት ካርድ ጋር ይመጣል። ገዢው ዐይኑ ላይ አድርጎ ሽቅብ ወደ ሰማይ ያያል፤ ጥቁር ከሆነለት ዋጋ ይከራከራል። በዚህች አጭር ግዢ ውስጥ የተደባለቁ ሦስት ነገሮች አሉ፦ የሌንሱ ጥቁረት፣ አልትራቫዮሌት ጨረርን የማገድ ችሎታውና ነጸብራቅን የማጥፋት ችሎታው። አንዱ መኖሩ የሌላውን መኖር አያረጋግጥም። በጣም ጥቁር ሆኖ ጨረሩን የሚያሳልፍ መነጽር አለ፤ ፍጹም ነጭ ሆኖ ጨረሩን የሚያግድም አለ። ለላስታ ሰው የመጀመሪያው ጉዳይ ጨረሩ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ።

ላሊበላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ 4,200 ሜትርን ያልፋል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ምድር ላይ የሚደርሰው አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ጨረሩን የሚያጣራው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ ነው። በዚህ ስሌት ላሊበላ ላይ የሚወርደው ጨረር፣ ሰማዩ እኩል ጠርቶ ሳለ፣ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይበልጣል። ቦታው ደግሞ ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ብቻ ነው የሚርቀው፤ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ ቀትር ላይ ልክ በአናት ትቆማለች። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠቀምበት የጨረር መለኪያ 11ና ከዚያ በላይ የመጨረሻው፣ «እጅግ ከፍተኛ» የሚባለው እርከን ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋ በጠራ ቀን ቀትር ላይ ይህን ቁጥር ያልፋል። ነገሩን የሚያሳስተው ብርዱ ነው። በቆላ ሰው ፀሐይዋን በሙቀቷ ያውቃታል፣ ይሸሻታልም። በላስታ ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይ መሞቅ ደስ ይላል፤ ሙቀትና አልትራቫዮሌት ግን የተለያዩ ናቸው፣ ጨረሩንም ቆዳም ሆነ ዐይን በሰዓቱ አይሰማውም።

ጉዳቱ የዓመታት ክምችት ነው። የዓይን ሞራን ከሚያፋጥኑ ነገሮች አንዱ ይህ ጨረር ነው። ሌላው ይበልጥ በዐይን የሚታይ ነው፦ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ በቅሎ ቀስ እያለ ወደ ጥቁሩ የሚዘልቀው ሥጋ። ዕድሜአቸውን በእርሻና በከብት ጥበቃ ሜዳ ላይ ባሳለፉ ሰዎች ዐይን ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ልብ ብሎ ላየው ደግሞ ዘወትር ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የሚጀምረው ከአፍንጫ በኩል ነው። ምክንያቱ የዐይን አሠራር ነው። ከጎን፣ ከጆሮ ግንድ በኩል የሚገባው ብርሃን በዐይን የፊት ክብ ገጽ ላይ ይታጠፍና በተቃራኒው፣ በአፍንጫ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል። አንድ ነጥብ ላይ የሚጠራቀመው ብርሃን ከፊት ከሚመጣው ይልቅ ከጎን የሚመጣው መሆኑ መነጽር አመራረጥን ይለውጣል። ጥሩ ሌንስ ያለው ነገር ግን ጠባብ፣ ከፊት የራቀና ጎኑ ክፍት የሆነ መነጽር ዋናውን መግቢያ ሳይዘጋ ይተወዋል። ስለዚህ ቅንድብን የሚሸፍን፣ ጎኑ ወደ ጆሮ የሚጠማዘዝ ወይም ክንዱ ሰፊ የሆነ፣ ፊት ላይ ተጠግቶ የሚቀመጥ ፍሬም ከትንንሾቹ ክብ መነጽሮች ይሻላል።

ሰዓቱም እንደሚገመተው አይደለም። ጃፓን ውስጥ በሰው ቅርጽ አሻንጉሊት ዐይን ላይ መለኪያ አድርገው የሠሩ ተመራማሪዎች እንዳገኙት፣ ፀሐይ ከፍ በምትልበት ወቅት ዐይን ላይ የሚያርፈው ጨረር የሚበረታው ቀትር ላይ ሳይሆን ረፋድና ከሰዓት በኋላ ነው። ቀትር ላይ ግንባርና ቅንድብ ለዐይን ጥላ ይሆናሉ፤ ረፋድ ላይ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ትገባለች። ለላስታ ይህ ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ መነጽሩ ዐይን ላይ መሆን አለበት፣ ባርኔጣና ጥላም ለቀትር ብቻ የሚቆጠቡ ነገሮች አይደሉም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥቁረቱ። የሌንሱ ቀለም የሚቀንሰው ዐይናችን የሚያየውን ብርሃን ነው። አልትራቫዮሌት ከዚያ ውጭ፣ ከ400 ናኖ ሜትር በታች ያለ ነው፤ «ዩቪ 400» የሚለው ጽሑፍም ሌንሱ እስከዚያ ድረስ ያለውን ያግዳል ማለት ነው። ማገዱ የሚመጣው ከቀለሙ ሳይሆን ከሌንሱ ቁስ ወይም በውስጡ ከተጨመረ ንጥረ ነገር ነው። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ቀለም ሳይገባበት እንኳ በተፈጥሮው ጨረሩን ከሞላ ጎደል ያግደዋል። ተራ መስታወትና ርካሽ አክሪሊክ ፕላስቲክ ግን፣ ጨረር የሚያግድ ነገር ካልተጨመረባቸው፣ ረጅሙን የአልትራቫዮሌት ክፍል በብዛት ያሳልፋሉ። እንዲህ ያለው ሌንስ ጥቁር ሲሆን ነው ነገሩ የሚከፋው። ጨለማ ሲሆን የዐይን ብሌን ይሰፋል፣ ሰውም ማጥበቡን ትቶ ዐይኑን ይገልጣል፤ የሚያልፈው ጨረር ሰፊ በር ያገኛል። ዋጋው ደግሞ እዚህ ላይ ምስክር አይሆንም። ከጎዳና የተገዛ ርካሽ ፖሊካርቦኔት ጨረሩን በሚገባ ሊያግድ ይችላል፤ ውዱ ሊያሳልፍ ይችላል። ተለጣፊዋም ምስክር አይደለችም፤ ማንም ማተሚያ ያለው ሰው ያትማታል።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? አስተማማኙ መንገድ መነጽር ቤት ሄዶ ማስለካት ነው። በደሴ፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ካሉት መነጽር ቤቶች የጨረር መለኪያ ያላቸው አይጠፉም፤ ሌንሱን መሣሪያው ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ለማንበብ የሚፈጀው ደቂቃ አይሞላም። ይህ ካልተገኘ ሱቆች ብር ለመመርመር የሚጠቀሙባት ሐምራዊ መብራት ትረዳለች። ከፊል ጨለማ ውስጥ ነጭ የደብተር ወረቀት ላይ ስትበራ ወረቀቱ ሰማያዊ እየሆነ ያበራል። ሌንሱን በመብራቱና በወረቀቱ መካከል ሲያስገቡት፣ ከሌንሱ ጥላ ሥር ያለው የወረቀት ክፍል ማብራቱን ፈጽሞ ካቆመ ሌንሱ ያንን ጨረር ይዞታል። ወረቀቱ አሁንም ሰማያዊ ብርሃን ከሰጠ ግን መነጽሩን መመለስ ነው። ፈተናው ወሰን አለው፦ መብራቷ የምታወጣው አንድ ጠባብ ክፍል ብቻ ነው፣ የጥቁር ሌንስ ቀለምም ብርሃኑን ስለሚያደክመው ያሳስታል። ስለዚህ መጥፎውን ለመጣል እንጂ ጥሩውን ለማጽደቅ አይበቃም።

ስለ ጥቁረት ደረጃ ዓለም አቀፉ መስፈርት፣ አይኤስኦ 12312፣ ከ0 እስከ 4 አምስት ክፍል ያወጣል። በመነጽሩ ክንድ ውስጠኛ ገጽ ላይ «ካት» ከሚል ምልክት ጋር የሚጻፈው ቁጥር ይህ ነው። 2 ቁጥር ከሚመጣው ብርሃን ከ18 እስከ 43 ከመቶ፣ 3 ቁጥር ከ8 እስከ 18 ከመቶ፣ 4 ቁጥር ደግሞ ከ3 እስከ 8 ከመቶ ያሳልፋል። 4 ቁጥር ለበረዶ ተራራ የተሠራ ነው፤ ለማሽከርከር የተከለከለ መሆኑም በመኪና ላይ ባለ የመስቀል ምልክት ይገለጻል። ለላስታ ሜዳ 3 ቁጥር በቂ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ደጅና ጓዳ የሆነበት ሰው አለ። አስጎብኚውን እንውሰድ፦ ከቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ ካለው ብሩህ ዐለት ላይ ተነሥቶ በቦዩ ይወርድና ጥቂት እርምጃ ሳይሄድ ጨለማው ውስጥ ይገባል። ዐይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ለመልመድ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ ያረጀ ዐይን ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። ደረጃው ዘመናት ያሟለጨው ወጣ ገባ ዐለት ስለሆነ፣ በጣም ጥቁር መነጽር አድርጎ መግባት ወይም በሩ ላይ ድንገት ማውለቅ ለመውደቅ ያጋልጣል። ለእንዲህ ያለው ሰው 2 ቁጥር፣ ጨረሩን ግን ሙሉ በሙሉ የሚያግድ ሌንስ፣ ከ3 ቁጥር ይሻላል። የጥቁረት ምርጫ የሥራ ጉዳይ ነው፤ የጨረሩ ጉዳይ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ጥቁረትን ከጥበቃ ጋር ማምታታት የት ድረስ እንደሚያደርስ ያየነው ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዕለት ጠዋት የቀለበት ፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ላይ አለፈ፤ ከተማዋም ከአገሪቱ ዋና መመልከቻዎች አንዷ ሆነች። ለግርዶሽ የሚሠራው ልዩ መነጽር ከፀሐይ ብርሃን ከመቶ ሺው ሦስት እጅ ያህሉን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ከሁሉም የጠቆረው 4 ቁጥር የፀሐይ መነጽር እንኳ ከዚያ አንድ ሺህ እጥፍ ያህል ብርሃን ያሳልፋል። ማንኛውም የፀሐይ መነጽር፣ ፖላራይዝድም ይሁን ሁለት ተደራርቦ፣ ፀሐይን በቀጥታ ለማየት አይሆንም፤ ቀለበቱ በቀጭኑ ሲቀር ደግሞ ፀሐይዋ ደብዛዛ ስለምትመስል አደጋው ይበልጣል።

ወደ ፖላራይዝድ እንምጣ፤ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበትና ብዙ ያልገባን እሱ ነው። ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ እየተርገበገበ ይጓዛል። ከጠፍጣፋ ገጽ፣ ከውኃ፣ ከአስፋልት፣ ከመኪና ኮፈን ሲነጥር ግን አብዛኛው ርግብግቢት አግድም ይሆናል። ፖላራይዝድ ሌንስ በውስጡ ቀጭን ሽፋን አለው፤ ቁመቱን የሚርገበገበውን አሳልፎ አግድሙን ይይዛል፣ ዱላ በአጥር ቋሚዎች መካከል ቀጥ ብሎ ሲያልፍ አግድም ሲሆን እንደሚታገደው። ይህን ሽፋን የፈለሰፈው አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ ሲሆን፣ መነጽር ላይ የዋለው ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ሽፋኑ ስለ አልትራቫዮሌት የሚናገረው ነገር የለም፤ ነጸብራቅ አጥፊ ሆኖ ጨረር የሚያግድ አካል የጎደለው ሌንስ ሊኖር ይችላል።

ለማረጋገጥ ካርዷ አያስፈልግም። ሁለት ፖላራይዝድ መነጽሮችን ፊት ለፊት አድርጎ አንዱን ሩብ ዙር ማዞር ነው፤ ሁለቱም እውነተኛ ከሆኑ በመካከላቸው ያለው ጥቁር ይሆናል። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው የስልኩን ወይም የሂሳብ ማሽኑን ስክሪን እያየ መነጽሩን ቀስ ብሎ ያዙር፤ በአንድ አቅጣጫ ስክሪኑ ይጨልማል። ተራ ጥቁር ሌንስ በየትኛውም አቅጣጫ አይለወጥም።

አሁን ሾፌሩን እንከተለው። ከላሊበላ ማለዳ 12 ሰዓት የተነሣ መኪና ወደ ተከዜ ሸለቆ ይወርድና ወደ ጋሸና ይወጣል፤ መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ሲሆን በጥቅሉ ወደ ደቡብ ነው፤ ፀሐይዋ በግራ መስኮት ትገባለች። ጋሸና ላይ ወደ ወልድያ ሲታጠፍ አቅጣጫው ወደ ምሥራቅ ይሆናል፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ትመጣለች። በሌላ ቀን ከሰዓት በኋላ ከወልድያ የሚመለሰውም ያንኑ ፀሐይ በምዕራብ በኩል ያገኛታል። መንገዱ ግማሹ ጠመዝማዛ፣ በድልብ በኩል ደግሞ ገደል ነው፤ ከመታጠፊያው ጥግ ከብት ወይም እግረኛ ብቅ ይላል።

በዚህ መንገድ ላይ ፖላራይዝድ የሚጠቅመው ሰው ከሚያስበው በተለየ ቦታ ነው። ፀሐይዋን ራሷን ለይቶ አያጠፋትም፤ ቀጥታ ብርሃኗ በሁሉም አቅጣጫ የሚርገበገብ እንጂ ወደ አግድም ያደላ አይደለም፤ ለእሷ የፀሐይ መከላከያውን ማውረድ ነው። ማለዳ፣ ፀሐይ ከአድማስ ብዙም ሳትርቅ፣ ከመንገዱ የሚነጥረውም ብርሃን በቅጡ አግድም አይሆንም፤ ፀሐይ ከፍ እያለች ስትሄድ ነው ሌንሱ ሥራውን የሚሠራው። ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ከመንገዱ ሳይሆን ከዳሽቦርዱ ላይ ነው። ብዙ ሾፌሮች ዳሽቦርዱ ላይ ነጭ ዳንቴል፣ ሥዕለ አድኅኖ፣ ሰው ሠራሽ አበባ፣ የመንገድ ወረቀት ያስቀምጣሉ። የረፋድ ፀሐይ ሲመታቸው ምስላቸው ከፊት መስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ይነጥርና ከመንገዱ ላይ እንደ ነጭ መጋረጃ ይዘረጋል። የፊት መስታወቱ የተጋደመ ከሆነ ይህ ነጸብራቅ በትክክል አግድም ነው የሚሆነው፤ ፖላራይዝድ ሌንስም ያጠፋዋል፣ ከመጋረጃው ጀርባ የነበረው በሬ ብቅ ይላል። የፊት መስታወታቸው ይበልጥ ቀጥ ባሉ መኪኖች ጥቅሙ ያንሳል። ሌላ ነፃ መፍትሔም አለ፦ ነጩን ዳንቴል አንሥቶ ጥቁር፣ የማያብረቀርቅ ጨርቅ ማንጠፍ።

ጉዳቱም መታወቅ አለበት። በክረምት አስፋልት ላይ ያለው ውኃ የሚታወቀው በማብረቅረቁ ነው፤ ሌንሱ ብልጭታውን ሲያጠፋ እርጥቡና ደረቁ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ በተለይ ከፊት ያለው ጎማ በሚንሸራተትበት ቁልቁለት ላይ። አንዳንድ የዳሽቦርድና የስልክ ስክሪኖች፣ በተለይ በማዕዘን ሲታዩ፣ ይደበዝዛሉ ወይም ይጠፋሉ፤ ካርታ በስልኩ የሚከተል ሾፌር መነጽሩን ከመግዛቱ በፊት ከስልኩ ጋር ይሞክረው። የጎን መስታወቶች ላይም የነጥብ ሥዕል ሊታይ ይችላል፤ መስታወቱ ሲጠናከር ከደረሰበት ውጥረት የመጣ እንጂ የመነጽሩ ብልሽት አይደለም። እንግዲህ ሚዛኑ ይህ ነው፦ በበጋ በወልድያና በጋሸና መካከል ለሚመላለስ ሾፌር ፖላራይዝድ ትርፍ ወጪ አይደለም፤ በክረምት ግን በሙሉ ዝናብ ሰዓት ያውልቀው። በከተማው ውስጥ ለሚሠራ ባጃጅ ሾፌር፣ በጠጠር መንገድ ላይ ለሚመላለስም፣ ተራው ጥቁር ሌንስ፣ ጨረር ካገደ፣ ይበቃል።

ስለ መኪና መስታወትም አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል። የፊት መስታወት ሁለት ንብርብር ሆኖ በመካከሉ ፕላስቲክ አለበት፤ አልትራቫዮሌቱን ከሞላ ጎደል ይይዘዋል። የጎን መስታወቱ ግን አንድ ንብርብር ነው። አሜሪካ ውስጥ በ29 መኪኖች ላይ የተደረገ መለካት የፊቶቹ በአማካይ 96 ከመቶ፣ የጎኖቹ በአማካይ 71 ከመቶ ሲያግዱ፣ አንዳንዱ የጎን መስታወት ከግማሽ በታች እንደሚያግድ አሳይቷል። ወደ ጋሸና ስንሄድ ፀሐይዋ በግራ፣ በሾፌሩ መስኮት በኩል መሆኗን ካስታወስን፣ መስኮቱም ለነፋስ ክፍት ከሆነ፣ የሾፌሩ ግራ ዐይን የፊቱ መስታወት የሚሰጠውን ጥበቃ አያገኝም። የፊት መስታወቱ ሌላም ነገር ያደርጋል፦ በፀሐይ የሚጠቁረው ፎቶክሮሚክ ሌንስ እንዲጠቁር የሚያደርገው ራሱ አልትራቫዮሌቱ ስለሆነ፣ በመኪና ውስጥ እምብዛም አይጠቁርም። ለከተማ የሚመች መነጽር ለሾፌር ከሽፎ የሚገኘው በዚህ ነው።

ቀለሙን ለሚጠይቅ፦ ግራጫ ሌንስ ቀለማትን ሳያዛባ ያሳያል፤ ቡናማው የመንገዱን ጉድጓድና ጥላ ይበልጥ ያጎላል፤ ሁለቱም ለሾፌር ይሆናሉ። ሰማያዊና ደማቅ ቀይ ሌንስ የመኪና ፍሬን መብራትና የትራፊክ ምልክት ቀለም ስለሚያደበዝዙ ለመሪ አይሆኑም። «ለሌሊት» እየተባለ የሚሸጠው ቢጫ መነጽር ከሚገባው ብርሃን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ጨለማ ላይ ብርሃን የሚቀንስ ነገር ማድረግ የመጣውን እግረኛ ማየት ያከብዳል። ሲመሽ የፊት መብራት የሚያውከውን ሰው፣ የፊት መስታወቱን ከውስጥም ከውጭም ማጽዳትና የዐይን ምርመራ ማድረግ ይጠቅመዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚታወከው የሚያስፈልገውን መነጽር ሳያደርግ የሚነዳ ሰው ነው።

ሲገዙ ሌላ የሚታይ ነገር ሌንሱ ጠማማ መሆን አለመሆኑ ነው። መነጽሩን በክንድ ርቀት ይዞ በሌንሱ በኩል የበሩን ቀጥ ያለ ጠርዝ ማየትና ቀስ እያሉ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማንቀሳቀስ ነው። ጠርዙ ከተጎበጠ ወይም ከተንቀጠቀጠ ሌንሱ ብርሃንን ያጣምማል፤ ለሰዓታት ሲነዱ ራስ ምታትና የርቀት ግምት መሳሳት ያመጣል። በተለይ በርካሽ ጠምዛዛ ሌንሶች ጠርዝ ላይ ይህ ይበዛል።

የላስታ አቧራ የዐለት ብናኝ ነው፤ በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ ሲጠረግ ሌንሱን ይፍቀዋል። መጀመሪያ ውኃ ማፍሰስ፣ ከዚያ በጥቂት ሳሙና በጣት አሽቶ ማለቅለቅ፣ በስተመጨረሻ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ነው። መነጽሩን ከፀሐይ በታች ዳሽቦርዱ ላይ መተው ደግሞ ፖላራይዝዱን ሽፋን ያላቅቀዋል፤ ጠርዙ ላይ አረፋ ወይም እንደ ዘይት ያለ ቀለም ሲታይ ሽፋኑ መነሣት ጀምሯል፣ ያ መነጽር ለመንዳት አያገለግልም። ማስቀመጫ ቤቱን መግዛት ከመነጽሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ሾፌሩ በመቀመጫው ጎን፣ ጥላ ባለበት ቦታ ያድርገው።